መጀመሪያ ግጥሙ ምን ይላል?

አስቸጋሪ ግጥም አንብቦ የጨረሰ ሰው «ምን ይላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ያልተጠየቀውን ነው። «ስለ ሀገር ነው»፣ «ስደትን ነው የሚያወራው»፣ «የእናት ፍቅርን ለመግለጽ ነው» ይላል። እነዚህ ሁሉ «ምን ለማለት ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሆኑ መልሶች ናቸው። ግጥም ግን ከሁሉ አስቀድሞ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር አደረገ፣ አንድ ነገር ደረሰበት፣ ለአንድ ሰው ተናገረ ይላል። ማን፣ ምን፣ ለማን የሚለው ሳይለይ የሚሰጥ ትርጓሜ ከስንኞቹ መካከል ጎልተው የታዩትን ሦስት አራት ቃላት ብቻ ይዞ የሚሄድ ነው። ቃላቱ በምን እንደተያያዙ አይጠይቅም።

የቤተ ክህነት ትርጓሜ ትምህርት ይህን ቅደም ተከተል ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። መምህሩ በመጀመሪያ የግእዙን ንባብ ያሰማል፤ ቀጥሎ ነጠላ ትርጉሙን በአማርኛ ያስቀምጣል፤ «አንድም» እያለ ሐተታውንና ምስጢሩን የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለአማርኛ ግጥምም የሚያስፈልገው ይኸው ነጠላ ትርጉም ነው። ስንኙን በተራ አነጋገር፣ በዝርው፣ ምንም ምስጢር ሳይጨምሩ መልሶ መጻፍ ማለት ነው።

ነገሩን ሠርተን እንየው። ቀጥለው ያሉት ስድስት ስንኞች ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የገጠምኳቸው ናቸው። የገጠምኳቸው እኔ ብሆንም ስንኞቹ ያልያዙትን መልስ ከኪሴ አውጥቼ አልሰጥም፤ አንባቢ በእጁ ያለው የተጻፈው ብቻ ነው።

ሳይሰማ የቀረ፣ ከማዶ የጠራው፤
ምድጃ ላይ ቀርቷል፣ ያ የናት ዐደራው።
ስትመጣ ባታገኝ፣ በሩን እንደ ዱሮ፣
መልሱ ከሣሩ ነው፣ ከበቀለው አድሮ።
ውሃ ወስዶት እንጂ፣ ድልድዩን ያመነ፣
እግሩስ መች ሰነፈ፣ ልቡስ መች መነነ።

በአንድ ንባብ ዓይን ውስጥ የሚገቡት ቃላት ማዶ፣ እናት፣ ምድጃ፣ በር ናቸው። ከነሱ የሚወለደው የችኮላ ትርጓሜም ይታወቃል፤ ልጅ ሀገሩን ጥሎ ተሰደደ፣ እናት ስትጠብቅ ሞተች፣ ቤቱ ተዘጋ። ይህን ትርጓሜ መጣል አያስፈልግም። በሌላ ወረቀት ላይ ጽፈን እናስቀምጠው፤ በኋላ እንፈትነዋለን።

የመጀመሪያው ሥራ ዓረፍተ ነገሩ የት ላይ እንደሚያልቅ ማግኘት ነው። በተራ አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ችግር የለም። ገጣሚ ግን ቤት እንዲመታለት፣ ቀለሙም እንዲሞላለት ግሡን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ የቀረውን ከኋላ ያስከትላል። ስለዚህ እርሳስ ይዞ ማሰሪያዎቹን ብቻ ማስመር ይጠቅማል። በኛ ግጥም ውስጥ ያሉት አራት ናቸው፤ ቀርቷል፣ ነው፣ ሰነፈ፣ መነነ። የቀሩት ማለትም ሳይሰማ፣ የቀረ፣ የጠራው፣ ስትመጣ፣ ባታገኝ፣ ከበቀለው፣ አድሮ፣ ወስዶት፣ ያመነ ሁሉም በሌላ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። እያንዳንዱ ጥገኛ ወደየትኛው ማሰሪያ እንደሚሄድ ስናይ ስድስቱ ስንኞች ሦስት ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ ሁለት ሁለት ስንኝ ለእያንዳንዱ። ስንኝ በስንኝ መፍታት ማለት እያንዳንዱን ስንኝ ለብቻው መቁረጥ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ብቻውን የቆመው የመጀመሪያው ስንኝ ማሰሪያ እንኳ የለውም።

ሁለተኛው ደንብ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ግጥሙ ውስጥ የሌለ፣ ዓረፍተ ነገሩ እንዲቆም ብለን የምንጨምረው ቃል ሁሉ በቅንፍ ይገባል። ቅንፉ ለውበት አይደለም፤ የገጣሚውን ቃልና የኛን ግምት የሚለየው አጥር እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ስንኝ እንፍታ። «ሳይሰማ» የሚለው ቃል ፊደላችን የማያሳየውን ነገር ይዟል። ላልቶ ሲነበብ ሰውዬው ራሱ አልሰማም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን የሱን ድምፅ የሰማ የለም ማለት ነው። «የጠራው»ም እንደዚሁ ሁለት ነው። የተጣራው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሌላ ሰው የጠራው፣ ማለትም የተጠራው ሰው ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አሻሚ ቃላት ሲገናኙ የሚያስኬዱ ሁለት ንባቦች ይወጣሉ። አንደኛው «ከማዶ (ሆኖ) የተጣራው (ሰው) ድምፁ ሳይሰማ ቀረ» ይላል። ሁለተኛው «(አንድ ሰው) ከማዶ የጠራው (ሰው) ጥሪውን ሳይሰማ ቀረ» ይላል። በአንደኛው ከወንዙ ወዲያ ያለው የኛ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ወዲህ ያለው ነው። «ጠራ» ጥርት አለ ለማለትም ስለሚነገር ሦስተኛ መንገድ የሚፈልግ ይኖራል፤ ግን ከ«ሳይሰማ የቀረ» ጋር ስለማይገጥም እሱን መተው ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚያደርገው አንዱን በስሜት መርጦ ማለፍ ነው። እኔ የምመክረው ሁለቱንም «ሀ» እና «ለ» ብሎ ጎን ለጎን መጻፍ ነው። ግጥሙ ገና አምስት ስንኝ ይቀረዋል፤ ወደ ፊት የሚመጣ ቃል ሊፈርድ ይችላል።

ሁለተኛው ስንኝ ማሰሪያውን ይሰጠናል። ቅደም ተከተሉ ሲቃና «ያ የእናት ዐደራ ምድጃ ላይ ቀርቷል» ይሆናል። «ዐደራው» ላይ ያለችው «ው» የታወቀ ነገርን ልታመለክት ትችላለች፤ ወይም «የሱ» ማለት ልትሆን ትችላለች። የመጀመሪያውን ስንኝ ከሁለተኛው ጋር የሚያስተሳስረው ሌላ ነገር ስለሌለ «የሱ» የሚለው ይሻላል፤ ከማዶ የጠራው ሰው፣ የሱ የእናት ዐደራ ምድጃ ላይ ቀርቷል። «የእናት ዐደራ»ስ? እናት የሰጠችው ዐደራ ነው ወይስ እናት ራሷ ናት በዐደራ የተሰጠችው? በአማርኛ ሁለቱም ይባላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚሻለው ቃሉን እንዳለ መተው ነው። «የእናት ዐደራ» ብለን ጽፈን ከጎኑ የጥያቄ ምልክት እናደርጋለን። ዐደራው እሳት ነው፣ ባህል ነው፣ እምነት ነው የሚል ሐሳብ ቢመጣ ያ ትርጓሜ ስለሆነ ገና ተራው አይደለም። ነጠላ ትርጉሙ የሚያውቀው ዐደራ መኖሩንና ምድጃ ላይ መቅረቱን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ስንኝ «ስትመጣ ባታገኝ» የሚለው የአማርኛን ግጥም ከሚያስቸግሩ ነገሮች ዋናው ነው። «ት» አንተም ናት፣ እሷም ናት። ተራ ንግግር ላይ ፊት ለፊት ስለምንተያይ አይምታታብንም፤ ወረቀት ላይ ግን «አንተ ስትመጣ» እና «እሷ ስትመጣ» አንድ ዓይነት ፊደል ናቸው። የመጀመሪያው ከሆነ ገጣሚው በድንገት ፊቱን ወደ አንድ ወንድ አዙሮ ማናገር ጀምሯል። ሁለተኛው ከሆነ የምትመጣ ሴት አለች፤ በግጥሙ ውስጥ የተጠቀሰችው ሴት ደግሞ እናት ብቻ ናት። ይህ ሁለተኛው ንባብ ቢያንስ በወረቀቱ ላይ መግባት አለበት፤ ምክንያቱም የችኮላው ትርጓሜ ሞተች ያላትን እናት ወደ ቤቷ ስትመጣ ያሳየናል።

«በሩን እንደ ዱሮ» ደግሞ ጎዶሎ ነው። እንደ ዱሮው ምን ሆኖ? ክፍት ሆኖ? ቆሞ? አልተነገረም። በቅንፍ «(እንደሆነው ሆኖ)» ብሎ ማለፍ እንጂ «ክፍት» የሚል ቃል መጨመር አይገባም። በአራተኛው ስንኝ «መልሱ» ሲል ጥያቄ እንዳለ ይነግረናል፤ ጥያቄው ግን የትም አልተጠየቀም። «አድሮ» ከኋላ የመጣው ቤት ለመምታት ነው፤ ወደ ቦታው ሲመለስ «አድሮ ከበቀለው ሣር» ይሆናል። ሣር በአንድ ሌሊት ስለማይበቅል ቃሉን «ውሎ አድሮ» በምንለው ስሜት መውሰድ ተገቢ ነው። ሣሩ የት እንደበቀለ ግጥሙ አይናገርም። ብዙዎቻችን ደጃፍ ላይ እናየዋለን፤ ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ላይም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይወጣል፦ «(አንተ ወይም እሷ) ስትመጣ በሩን እንደ ዱሮው (ሆኖ) ባታገኝ(ው) (ለምን እንደሆነ) መልሱ ውሎ አድሮ (አንድ ቦታ) ከበቀለው ሣር (ዘንድ) ነው።» ቅንፉ በዛ። መብዛቱ መልካም ነው፤ ግጥሙ ምን ያህሉን ለኛ እንደተወ በዓይናችን እያየን ነው።

ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ቀላል ከሆነው እንጀምር። «መች ሰነፈ» እና «መች መነነ» ጥያቄ ይመስላሉ እንጂ ጊዜ የሚጠይቁ አይደሉም። «አልሰነፈም፣ አልመነነም» የሚል ክርክር ናቸው። «መነነ» የሚለውን ቃል «ረሳ» ወይም «ጨከነ» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። መነነ የሚባለው ዓለምን ንቆ፣ ቤት ንብረቱን ትቶ ገዳም የገባ ሰው ነው። ቃሉ እርግጠኛ ካልሆነ የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት መግለጥ፣ ግእዝ ቀመስ ከሆነም የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የ1948 ዓ.ም. መጽሐፍ ማየት ይገባል። የቃል ፍቺ በግምት ከተሞላ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትርጓሜ ሁሉ ግምት ላይ ይቆማል።

አሁን «ውሃ ወስዶት እንጂ፣ ድልድዩን ያመነ» የሚለውን እንያዝ። ውሃ የወሰደው ማንን ነው? «ወስዶት» ላይ ያለችው «ት» ሰውም ልትሆን ትችላለች፣ ድልድዩም ልትሆን ትችላለች። ሰው ካልን ዝርዉ «ድልድዩን ያመነ(ውን ሰው) ውሃ ወስዶት (ነው) እንጂ» ይሆናል። ሰውዬው ሰጠመ ማለት ነው። ድልድዩ ካልን ደግሞ «ውሃ (ድልድዩን) ወስዶት (ነው) እንጂ፣ ድልድዩን ያመነ (ሰው) እግሩ መች ሰነፈ» ይሆናል። ሰውዬው በሕይወት አለ፤ የሚሻገርበት ግን አጣ።

በአንዱ ንባብ ሰው ሞቷል፤ በሌላው ቆሞ ይጠራል። ይህን ያህል ልዩነት በአንዲት ቅጥያ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ስለ ጭብጥ መነጋገር አይቻልም። እንዴት እንፍረድ? ቅንፎቹን እናወዳድር። የመጀመሪያው ንባብ ገጣሚው «ያመነውን» ማለት ሲገባው «ያመነ» ብሎ ማስጨረሻውን ቆርጧል እንድንል ያስገድደናል፤ ሰዋስዉን እናጠግናለን ማለት ነው። ሁለተኛው ንባብ የሚጨምረው «ድልድዩን» የሚለውን ነው፤ እሱም እዚያው ስንኝ ውስጥ ሁለት ቃል አልፎ ተቀምጧል። «ያመነ» የሚለውም ሳይነካ ለሚቀጥለው ስንኝ ባለቤት ሆኖ ይገባል። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሰን «ሀ» እና «ለ» ብለን ያቆየነውን እናንብብ። የመጀመሪያው ስንኝ «ከማዶ» ይላል። ውሃ የሚወስደው ሰው የሚጮኸው ከወንዙ መሐል ነው፤ ማዶ ቆሞ የሚጣራ ሰው መሻገሪያ ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ «ሀ» የሚለው ንባብ፣ የተጣራውና ያልተሰማው ሰው፣ ከተወሰደው ድልድይ ጋር በደንብ ይገጥማል። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። የመስጠሙን ንባብ ግን አልሰርዘውም፤ በግርጌ ይቆያል። የጠራውና ድልድዩን ያመነው አንድ ሰው መሆኑም የኛ ግምት ስለሆነ ተጽፎ ይያዝ።

ሙሉ ዝርዉ ይህን ይመስላል፦ «ከማዶ (ሆኖ) የተጣራው (ሰው ድምፁ) ሳይሰማ ቀረ፤ ያ (የሱ) የእናት ዐደራ ምድጃ ላይ ቀርቷል። (አንተ ወይም እሷ) ስትመጣ በሩን እንደ ዱሮው (ሆኖ) ባታገኝ(ው)፣ መልሱ ውሎ አድሮ ከበቀለው ሣር (ዘንድ) ነው። (ያልመጣው) ውሃ (ድልድዩን) ወስዶት (ነው) እንጂ፣ ድልድዩን ያመነ (ሰው) እግሩ አልሰነፈም፤ ልቡም (ቤቱን ንቆ) አልመነነም።»

አስቀምጠነው የነበረውን ትርጓሜ አሁን እናምጣው። እናት ሞተች የሚል ቃል በግጥሙ ውስጥ የለም። ቤቱ ተዘጋ የሚልም የለም፤ እንደ ዱሮው አለመሆኑ ብቻ ነው የተነገረው። ልጅ ሀገሩን ጥሎ ሄደ የሚለው ደግሞ ከግጥሙ ጋር ይጋጫል። ሰውዬው ያለው ሩቅ አገር አይደለም፤ ቢሰሙት ኖሮ ድምፁ ሊደርስ የሚችልበት ማዶ ነው። የመጨረሻው ስንኝም አንድ ሰው አስቀድሞ «ሰንፎ ቀረ፣ ንቆን ሄደ» ብሎ የከሰሰው ይመስል ለሰውዬው ጥብቅና ይቆማል። የስደት ግጥም ነው ማለት አሁንም ይቻላል፤ ግን የጥሎ ሄጅ ግጥም አይደለም። መመለሻ የጠፋበት ሰው ጠበቃ የሚናገርበት ግጥም ነው። ይህን ያገኘነው አራት ቅጥያዎችን ቆመን ስለጠየቅናቸው ነው። ከዚህ በኋላ ድልድዩ ምንድን ነው፣ ሣሩስ ምን ያስታውሳል ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ መሬቱ ተገኝቷል።

ዝርው ሲበላሽ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። ከግጥሙ ካጠረ ዝርው መሆኑ ቀርቶ ማጠቃለያ ሆኗል፤ በደንብ የተሠራ ዝርው ሁልጊዜ ከግጥሙ ይረዝማል። ግጥሙ ውስጥ የሌሉ ረቂቅ ስሞች፣ ናፍቆት፣ ተስፋ፣ ማንነት የመሳሰሉት፣ ያለ ቅንፍ ከገቡበት ትርጓሜ ሾልኮ ገብቷል። የገጣሚው ቃላት በገጣሚው ቅደም ተከተል እንዳሉ ከተቀመጡ ደግሞ ምንም አልተፈታም፤ ግጥሙ መስመሩን ሰብሮ ተገለበጠ እንጂ። ጥሩ መፈተኛ ግጥሙን ላላነበበ ሰው ዝርዉን ብቻ ማንበብና «ማን ምን አደረገ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መመለስ ካቃተው ወይ ያልፈታነው ስንኝ አለ፣ ወይ ገጣሚው ሆን ብሎ የደበቀው ነገር አለ።

ሰምና ወርቅ ያለበት ግጥም ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ኅብረ ቃል ሁለት ነገር እንዲል ሆኖ የተሠራ ከሆነ ሁለቱም ንባቦች በቋንቋው ውስጥ ያሉ ናቸውና ሁለቱም በዝርው መጻፍ አለባቸው፤ መጀመሪያ የሰሙ ዝርው ተሟልቶ፣ ቀጥሎ የወርቁ። ወርቁን ብቻ ጽፎ ሰሙን መጣል የተለመደ ጥፋት ነው። ሰሙ ራሱን ችሎ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ካልቆመ ወርቁ የተገኘው በመፍታት ሳይሆን በመገመት ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «እሳት ወይ አበባ» (1966 ዓ.ም.) ለሚያነብ ሰው ደግሞ ትዕግሥቱ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልገዋል። በስሙ የተጠራው «የጸጋዬ ቤት» ሐረጉ ስምንት ቀለም፣ ስንኙ ዐሥራ ስድስት ስለሆነ፣ በአንድ ስንኝ የሚታጨቀው ከኛ ዐሥራ ሁለት ቀለም ስንኝ ብዙ ይበልጣል። እዚያ ላይ ማሰሪያውን ሳያሰምሩ መጀመር ብዙ አያስኬድም።

ዝርው ግጥሙን አይተካም። አሜሪካዊው ሐያሲ ክሊንት ብሩክስ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ግጥምን በዝርው አሳጥሮ «ግጥሙ ይህ ነው» ማለትን ምንፍቅና ብሎ ሰይሞታል፤ ትክክል ነው። «እግሩ አልሰነፈም» ስንል «እግሩስ መች ሰነፈ» ውስጥ ያለው ቁጣ ጠፍቷል። «ቀረ» በመጀመሪያውና በሁለተኛው ስንኝ ተደግሞ የሚያሰማው ነገርም ዝርዉ ላይ አይሰማም። ይህ ጉዳት ግን ራሱ ጥቅም አለው። ግጥሙንና ዝርዉን ጎን ለጎን አድርጎ «ምን ጠፋ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ የግጥሙን ጥበብ በጣቱ መንካት ይችላል፤ ዝርው ያልሠራ አንባቢ ግን የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራን ፈተና ስታወጡ «የግጥሙ ጭብጥ ምንድን ነው?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ አድርጉት። አንደኛው ጥያቄ «እነዚህን ሁለት ስንኞች በራስህ አነጋገር ጻፍ፤ የጨመርከውን ቃል በቅንፍ አድርግ» የሚል ይሁን፤ ነጥቡም ከጭብጡ ነጥብ አይነስ።